በቃል የተሾሙ ሰዎች

የሥራ መዘርዝራችሁን እስከ መጨረሻው አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው የሥራ መደቡን ስም ያይና ደመወዙ ላይ ይዘላል። ዋናው ጉዳይ ግን ታች ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል።» ከሱ በላይ ያለው ዝርዝር ለጌጥ ነው። መሥሪያ ቤቱ የቀጠራችሁ ለዚች መስመር ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚች መስመር በኩል ፋይናንስ ኃላፊ ሆነች። ሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። አሁንም በወረቀት ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ኃላፊው የተሻለ ቦታ አገኘና ሄደ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራት።

«ሰው እስኪገኝ ድረስ ለጊዜው አንቺ ያዢው።»

«እሺ፣ ደብዳቤ ይጻፍልኛል?»

«በእኔና በአንቺ መካከል ደብዳቤ ምን ያደርጋል!»

እስቲ ልብ በሉ። ይሄ ሰውዬ የማተሚያ ማሽን ቀለም እንዲገዛ ሲጠየቅ በሦስት ቅጂ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ነው። ስቴፕለር ሲሰጥ ያስፈርማል። ክፍል ሲሰጥ ግን በፍቅር ነው።

ነገሩ ፍቅር እንዳልሆነ ደብዳቤ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የተጠባባቂነት ደብዳቤ ቀን አለው። የሥራ መደብ ስም አለው። ከግርጌው ደግሞ ግልባጭ አለው፦ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስ፣ ለግል ማኅደር። ደንብ ባለው ቤት የኃላፊነት አበል መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ነው። ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከቆየም ወይ መሾም ወይ ወደ ቦታ መመለስ ይመጣል። ቃል ግን ግልባጭ የለውም። ቃል ማኅደር ውስጥ አይገባም።

እሷም ያዘችው። መያዝ ስላችሁ የኃላፊውን ወንበር እንዳይመስላችሁ። ወንበሩ ቢሮው ውስጥ ተቆልፎበታል። የተሰጣት ስልኩ ነው። የባንኩ ሰው የሚደውለው ለሷ፣ ግብር የሚጠይቀው ሰው የሚመጣው ወደ ሷ፣ በጀት ያለቀበት ክፍል የሚጮኸው በሷ ላይ። የቀድሞ ሥራዋስ? እሱማ የራሷ ነው፣ ማን ይነካባታል።

ከሁሉም የሚያስቀው የወር መጨረሻ ነው። የደመወዝ መክፈያውን የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ዝርዝሩ ላይ ላይኛው ረድፍ «ፋይናንስ ኃላፊ» ይላል። ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ክፍት»። ደመወዝ የሚገባበት ላይ ሰረዝ። ወረድ ሲሉ የሷ ስም ከነአሮጌው ደመወዟ ተቀምጧል። የሰውየውን ሥራ ስትሠራ ውላ፣ ማታ ላይ ለሥራው የማይከፈለውን ገንዘብ በገዛ እጇ ሰረዝ ታደርጋለች። ያ ገንዘብ እኮ በጀት ተይዞለታል። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «ከደመወዝ የተገኘ ቁጠባ» ተብሎ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ተመሰገነበት። ሪፖርቱን ማን አዘጋጀው? እንግዲህ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መጣ። ምዘና የሚሞላው በወረቀት ባለ መደብ ነው። ስለዚህ የተመዘነችው በሒሳብ ሠራተኛነቷ ሆነ። የባንክ ማስታረቂያ አዘግይታለች፤ እውነት ነው፣ የኃላፊውን በጀት ስትከላከል ነበራ። ሰነዶች በወቅቱ አላስገባችም፤ ይሄም እውነት ነው። የኃላፊነቱን ሥራ ምን ያህል እንደሠራች የሚጠይቅ ግን አንድም መስመር የለም። ውጤቷ ካምናው ወረደ። አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «ጊዜዋን በአግባቡ ብትጠቀም» ተብሎ ተጻፈ። ይህን አስተያየት ያነበበ ሰው ከጓሮ በር የምትጠፋ ሊመስለው ይችላል።

አንድ ነባር ሠራተኛ ያኔ ጠጋ አለና መከራት። «ልጄ፣ አልሠራም አትበዪ። አልሠራም ካልሽ እምቢተኛ ትባያለሽ። በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ‹በዚህ ቀን በቃል በታዘዝኩት መሠረት የኃላፊውን ሥራ እየሠራሁ ነው፣ ከነባር ሥራዬ የትኛው ለማን ይተላለፍ?› በይ። ስለ ገንዘብ አታንሺ።» ጮሌ ሰው ነው። አበል ጠይቀሽ ዝም ቢሉሽ የተለመደ ነው። የሥራ ክፍፍል ጠይቀሽ ግን ምን ብለው ቢመልሱ፣ ሁለት ሥራ እንደያዝሽ አምነዋል ማለት ነው። ኢሜሉን ላከች። መልሱ በስልክ መጣ፦ «አይተነዋል፣ በርቺ!» እነሱም የዋዛ አይደሉም።

ጉዱ የፈላው ኦዲተሩ ሲመጣ ነው። አሠራሩን ለማታውቁት፣ አንድ የክፍያ ሰነድ ግርጌው ላይ ሦስት ፊርማ አለው። ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ሦስቱ ሦስት ሰው መሆን አለባቸው። አንድ ሰው አዘጋጅቶ ራሱ ካረጋገጠ የተሳሳተውን ማን ያየዋል፣ የተሰረቀውንስ? ባልደረባዬ በሒሳብ ሠራተኛነቷ ታዘጋጃለች። በኃላፊነቷ ታረጋግጣለች። ኦዲተሩ ሰነዱን ገለጥ፣ ገለጥ አደረገና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄም ፊርማ ያንቺ፣ ይሄም ያንቺ?»

«አዎ።»

«በምን ሥልጣን?»

«ሥራ አስኪያጁ ነግረውኝ።»

«ደብዳቤው የታለ?»

ሥራ አስኪያጁ ተጠየቀ። እንደዚያ ያለ ነገር ማለቱን ማስታወስ አልቻለም። «ትጉህ ልጅ ስለሆነች በራሷ ተነሳሽነት ይሆናል» አለ። በቃል የተሰጠ ሹመት እንግዲህ ክፋቱ ይሄ ነው። ምስጋናው ሲመጣ ወደ ሰጪው ይሄዳል፣ ጥፋቱ ሲመጣ የፈረመው ሰው ላይ ይቀራል። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ግን በግኝት ተመዘገበ። ለግኝት ደግሞ የእርምት እርምጃ የግድ ነው።

የእርምት እርምጃውም ወጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ ግልባጭ ለግል ማኅደር። እነሆ ያ ሁሉ ወር የተለመነው ደብዳቤ ከነክብሩ ተጻፈ። ሲጀምርም እንዲህ ይላል፦ «የፋይናንስ ኃላፊነቱን ሥራ ደርበው ሲሠሩ በቆዩበት ጊዜ…»

እሷ አላለቀሰችም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ቅጂ አደረገች። የአንዱን ቅጂ የመጀመሪያ መስመር በማድመቂያ ቢጫ ቀባችው። ከዚያ የደረበችበትን ጊዜ አበል የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፋ፣ ማስጠንቀቂያውን በማስረጃነት አያይዛ፣ መዝገብ ቤት አስገባችና ቁጥር ተቀበለች።

የሰው ሀብት ቢሮ ወትሮ ለማመልከቻ መልስ የሚሰጠው ወራት ወስዶ ነው። ይሄኛው በማግስቱ ተመለሰ። ማስጠንቀቂያው «በስሕተት የተጻፈ በመሆኑ» ተሽሯል። ኦርጅናሉንም በአስቸኳይ እንድትመልስ ታዝዛለች። ትእዛዙን የነገሯት በቃል ነው።

«በጽሑፍ ይሁንልኝ» አለቻቸው። እስካሁን እየጠበቀች ነው። የደመወዝ መክፈያውንም እያዘጋጀች።