እህቴ ለምን ሐኪም ቤት ጠላች?

«ሐኪም ክብደት ቀንሺ ቢላት ምን ነውር አለው?»

ነውሩ አባባሉ ላይ ነው። እህቴ ጉልበቷን አሟት ክሊኒክ ሄደች። ጉልበቷን ሳያዩ፣ ሰው በተሰለፈበት ኮሪደር መዝነው ኪሎዋን ጮክ ብለው ተናገሩ። «ምግብ ቀንሺ» ተብላ ወጣች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሐኪም ቤት አልረገጠችም፤ የደም ግፊት ክትትሏም ቀረ። ቤት ደግሞ እናታችን ማዕድ ላይ «ኧረ ይብቃሽ» ትላታለች። (ድሮ «ወፈርሽ» ምርቃት ነበር!) እህቴም እኛ ፊት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትነሳና ሌሊት ተደብቃ ትበላለች። ሰው ያየኛል ብላ በእግር መሄድም አቆመች። በኋላ አንዲት ሐኪም በሩን ዘግታ «ስለ ክብደትሽ ብናወራ ደስ ይልሻል?» አለቻት። ጉልበቷን መረመረች። ግፊቷንም ለክንዷ በሚበቃ ሰፊ መጠቅለያ ለካች፤ ጠባቡ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። አሁን ቀጠሮ አታስቀርም።