ላይቭ ካሲኖ፦ ያልታዩት ካርታዎች ይከፈቱ

«ካርታው በካሜራ ፊት ለፊቴ እየታደለ በምን ሊሸውዱኝ ይችላሉ?» ይህን የጠየቀኝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ማታ ማታ በስልኩ ላይቭ ካሲኖ ላይ፣ ማለትም አዳይ በስቱዲዮ ስታድል በቀጥታ ቪዲዮ በሚታይበት ቁማር፣ ባካራት የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚጫወት ወጣት ነው።

ገንዘቡን የሚያሰላው ቪዲዮው አይደለም። በብዙ ስቱዲዮዎች፣ ለምሳሌ ላትቪያ ሪጋ ካሉት በአንዱ፣ እያንዳንዱ ካርታ ባርኮድ አለው። አዳይዋ ካርታውን ካርታዎቹ ከተደረደሩበት ሳጥን ስትስብ ባርኮድ አንባቢው መሣሪያ ይለየዋል፤ ውጤቱም ወደ ሲስተሙ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የካርታውን ፊት በካሜራ የሚያነብ ሶፍትዌር አለ። ምስሉ ስልክህ ላይ የሚደርሰው ትንሽ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ ካርታውን ካንተ ቀድሞ ያውቃል። ይህ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ውርርዱ ቀድሞ ተዘግቷል።

አንተ ማረጋገጥ የምትችለው በቪዲዮው ያየኸው ካርታና ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር መመሳሰሉን ነው። ከተለያዩ የዙሩን መለያ ቁጥር ጨምረህ ስክሪንሾት አንሳ። ያለሱ አቤቱታህ የትም አይደርስም።

ትልቁ ጥያቄ ግን ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። ባካራት አብዛኛውን ጊዜ በ8 ሙሉ የካርታ ጥቅል፣ ማለትም በ416 ካርታ ይጫወታል። እያንዳንዱ ካርታ፣ ለምሳሌ የልብ 7፣ 8 ጊዜ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሳጥን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትለህ ሁሉንም ጻፍክ እንበል። መጀመሪያ ላይ 7 ካርታ ሳይገለጥ ተጣለ። የሳጥኑን ማብቂያ የሚያመለክተው መቁረጫ ካርድ ሲወጣ ደግሞ 16 ካርታ ሳይታደል ቀረ። ያየኸው 393 ነው። የልብ 7 ለ9ኛ ጊዜ ከወጣ ሳጥኑ ችግር አለበት፤ ይህን ማንም ሊያስተባብል አይችልም። 6 ጊዜ ብቻ ቢወጣስ? ቀሪዎቹ 2 ባላየሃቸው 23 ካርታዎች ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የተጨመረ ካርታ ሊጋለጥ ይችላል፤ የጎደለ ግን ከነዚያ 23 በስተጀርባ መደበቅ ይችላል።

ቆጠራው ስለ ካርታዎቹ ቅደም ተከተልም ምንም አይነግርህም። 416ቱም ተሟልተው ሆን ተብሎ ተደርድረው ሊሆን ይችላል። ብወዛውን በካሜራ ብታየውም ማረጋገጫ አይሆንም፤ እጁ የሰለጠነ ሰው የበወዘ መስሎ ካርታዎቹን እንደነበሩ ሊያስቀምጥ ይችላል። እዚህ ላይ የሚቀርህ ፈቃድ የሰጠውን አካልና መርማሪውን ማመን ብቻ ነው።

በእርግጥ ቤቱ ለማትረፍ መስረቅ አያስፈልገውም። «ባንከር» የሚባለው ወገን ያሸንፋል ብለህ ስትወራረድ ቤቱ በአማካይ የሚያተርፈው ብልጫ ከውርርድህ 1.06 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይወጣሉ በሚለው «ታይ» ላይ ከ14 በመቶ ያልፋል። በሰዓት 70 ዙር በ100 ብር ብትጫወት፣ በአማካይ ባንከር 74 ብር፣ ታይ ደግሞ 1,000 ብር ገደማ ይወስድብሃል።

ይህ ግን ጎደሎ ሳጥንን ትክክል አያደርገውም። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሳጥኑ ሲያልቅ የተጣሉትና ያልታደሉት ካርታዎች በዚያው ካሜራ ፊት አንድ በአንድ ይገለጡ። 23 ካርታ ለመግለጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ያኔ ያ ልጅ የጻፈውን ደምሮ 416 መሙላቱን ራሱ ያያል።