የመስኮቱ ጥላ ይኑር ወይስ ይቅር?

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ «ለተማሪዎቼ የኮምፒውተር መልመጃ እያዘጋጀሁ ነው። በማክ አንዱን መስኮት ብቻ፣ የዴስክቶፑ ሥዕል ከኋላው ሳይገባ፣ እንዴት ላንሣ? ዙሪያውን የሚታየውን ጥላስ ምን ላድርገው?»

የደብረ ማርቆሱ መምህር፦ ሺፍት፣ ኮማንድና 4ን አብረው ይጫኑ፤ ከዚያ ስፔስን ሲነኩ ጠቋሚው ካሜራ ይሆናል፤ የፈለጉት መስኮት ላይ አምጥተው ጠቅ ያድርጉ። ጥላው እንዲቀር ግን አልመክርም፤ ነጭ መስኮት በነጭ ወረቀት ላይ ሲታተም ዳር ድንበሩን የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነውና። እኔ የዴስክቶፑ ቀለም ወደ ጥላው ስለሚገባብኝ አስቀድሜ ዴስክቶፑን ነጭ አደርገዋለሁ።

የባሕር ዳሯ የገጽ አቀናባሪ፦ ጋሼ፣ ቀለም መግባቱን ማየትዎ እውነት ነው፤ የገባው ግን በጥላው አይደለም። ጥላው በፒኤንጂ ፋይሉ ውስጥ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ስለሚቀመጥ ከዴስክቶፑ ምንም አይወስድም። የዴስክቶፑን ቀለም የሚቀበለው የመስኮቱ የራሱ ገጽታ ነው፤ ይህም በአፒራንስ ቅንብር ውስጥ Allow wallpaper tinting in windows የሚለውን በማጥፋት ይቀንሳል።

ጥላውን የምቃወመው በስፋቱ ነው። በሬቲና ማያ ላይ 1600 ፒክሰል የሚሰፋ መስኮት ከነጥላው 1824 ገደማ ይሆናል። ሥዕሉን 12 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ዓምድ ውስጥ ሳስገባው ለመስኮቱ የሚተርፈው 10.5 ያህል ብቻ ነው፤ ተማሪው የሚያነበው ፊደልም በዚያው ልክ ያንሳል። ከፊት ያለው መስኮት ጥላ ከኋላ ካለው ስለሚሰፋም ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይገጥሙም። ስለዚህ ጠቅ ሲያደርጉ ኦፕሽንን ይዘው ይቆዩ፤ ጥላው አይመጣም። በተርሚናል ለሚሠራ ደግሞ፦

```
screencapture -o -w meskot.png
```

ድንበሩን እኔ ገጹን ሳዘጋጅ በቀጭን መስመር አሰምርለታለሁ።

መምህሩ፦ ስለ ቀለሙ ታረምኩ፤ በመስመሩ ግን አልስማማም። የማክ መስኮት ማዕዘኑ ክብ ስለሆነ አራት ማዕዘን መስመር ሲሰመርበት በየጥጉ ነጭ ጉርድ ይቀራል። አርባ ሥዕል ያለው መልመጃ ላይ ይህን ሁሉ ማን ያቃናል? ደግሞም ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባዬ ሥዕሎቹን በስልክ እንደ ፎቶ ልኮልኝ ዙሪያቸው ጠቁሮ ደረሰኝ፤ ጥላ የሌላቸውም ቢሆኑ ጥጋቸው ጠቁሮ ነበር።

አቀናባሪዋ፦ የእርሱ ጥፋት ጥላው ሳይሆን አላላኩ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ወደ ጄፔግ ስለሚለወጥ ብርሃን አሳላፊው ስፍራ በነጭ ወይም በጥቁር ይሞላል፤ እንደ ፋይል ቢልከው ኖሮ አይነካም ነበር። የማዕዘኑን ነገር ግን ልክ ብለዋል። መስመሩን እኔም አጠጋግቼ ነው የማሰምረው፤ በአርባ ሥዕል ላይ ከሆነ ግን ያደክማል። ሆኖም መልመጃው በፎቶ ኮፒ የሚባዛ ከሆነ ያ ስስ ጥላ ወደ ጉድፍ ይለወጣል፤ ጠያቂው በምን እንደሚያባዙት ቢነግሩን ይሻላል።

መምህሩ፦ እኔ በማተሚያ ነው የማወጣው፤ ጉድፍ አይቼበት አላውቅም።