52 ከመቶ የሚቆጥበው ሰውዬ

ባለፈው ሰሞን አንድ ትልቅ ነገር ደረስኩበት። ለካ እኔ ከገቢዬ 52 ከመቶ የምቆጥብ ሰው ነኝ!

እንዴት አወቅክ አትሉኝም? ስልኬ ነገረኝ። የባንኩን መተግበሪያ ከፍቼ የወሩን ገቢና ወጪ አየሁ። የገባው 40 ሺህ ነው። የወጣው፣ ከራሴ ሒሳብ ወደ ራሴ ሒሳብ ያዛወርኩትን ትቼ፣ 19 ሺህ። የተረፈው 21 ሺህ። 21ን ለ40 ሳካፍል 52 ከመቶ ተኩል መጣ። ተኩሉን ለትሕትና ስል ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አነጋገሬ ራሱ ተቀየረ። ባልደረቦቼ ስለ ኑሮ ሲያማርሩ ፈገግ ብዬ እሰማቸውና «ዋናው ሥርዓት ነው» እላለሁ። ማንም የጠየቀኝ የለም። በአራተኛው ቀን ግን ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

«52 ከመቶ?» አለችኝ።

«እንዲያውም ተኩል አለው።»

«ታዲያ ብሩ የታለ?»

ይቺ ጥያቄ አጭር ትመስላለች። በእውነት ግማሽ ገቢዬን የምቆጥብ ቢሆን ኖሮ በስድስት ወር ውስጥ 60 ሺህ ያህል መጠራቀም ነበረበት። እኔ ደግሞ 60 ሺህ የሚባል ነገር በባንክም በሕልምም አላየሁም።

መጀመሪያ ደመወዜን ጠየቀችኝ። በወር 20 ሺህ ነው፣ የሚቀነሰው ሁሉ ተቀናንሶ። «እና 40ው ከየት መጣ?» አለች። እዚህ ላይ መሥሪያ ቤታችንን ላስተዋውቃችሁ። የእኛ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ይከፍላል፤ መቼ እንደሚከፍል ግን እሱም አያውቅም። አንዳንድ ወር በ28 ይገባል። አንዳንድ ወር ተንሸራቶ በቀጣዩ ወር በ2 ወይም በ3 ብቅ ይላል። የተንሸራተተበት ወር ባዶ ይሆናል። ቀጣዩ ወር ደግሞ ሁለት ደመወዝ ይዞ ይመጣል። እኔ የኮራሁበት ወር ይኸኛው መንታ የወለደው ነበር።

«ያለፈውን ወርስ አስልተኸዋል?» አለች። ሞክሬ ነበር። በዚያ ወር የገባ ደመወዝ ዜሮ፣ የወጣው 17 ሺህ ነው። ለዜሮ ለማካፈል ስሞክር የስልኬ ማስሊያ ስህተት አለኝ። እኔም ስልኩ አርጅቷል ብዬ አለፍኩት።

እህቴ ሁለቱን ወሮች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ደመወዝ የሚቆጠረው በገባበት ቀን ሳይሆን በተሠራበት ወር ነው አለች። ባዶው ወር ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ 20 ሺህ ዕዳ ነበረበት፤ በሒሳብ ሠራተኞች ቋንቋ ለእኔ ተሰብሳቢ ይሉታል። ስለዚህ በዚያ ወር 20 ሺህ ሠርቼ 17 ሺህ በልቻለሁ። የተረፈኝ 3 ሺህ፣ ማለትም 15 ከመቶ ነው። ከ40ው ላይ ደግሞ የዚያን ወር 20 ሺህ አነሳችው። የቀረው 20፣ የወጣው 19፣ የተረፈው 1 ሺህ። አምስት ከመቶ!

ከሁለቱ ወሮች አባካኙን መርጬ ነው ጉራ የቸረቸርኩበት።

እጄን ግን ወዲያው አልሰጠሁም። «እሺ፣ ግን እኔ ደመወዝ በገባ ቁጥር 5 ሺህ ወደ ቁጠባ ሒሳብ አዛውራለሁ። 5 ከ20 ማለት 25 ከመቶ ነው። ይሄን እንኳ አትክጂኝም» አልኳት። የሒሳብ መግለጫውን ተቀብላኝ በጣቷ ቁልቁል ወረደች። በስድስት ወር ስድስት ጊዜ 5 ሺህ ገብቷል፤ 30 ሺህ ነው። ከዚያ በየወሩ አጋማሽ አካባቢ ትንንሽ መጠኖች በሌሊት ወፍ አካሄድ ወደ ዋናው ሒሳብ ተመልሰዋል። 2 ሺህ። 3 ሺህ። 1 ሺህ ተኩል። ድምር 23 ሺህ። ቁጠባ ሒሳቡ ውስጥ አርፎ የተቀመጠው 7 ሺህ ብቻ ነው።

«ይሄ ቁጠባ ሳይሆን ጉብኝት ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ጥሬ ገንዘቡ መጣን። እኔ የፈራሁት ይሄንን ነበር። በስድስት ወር ከኤቲኤም ያወጣሁት 70 ሺህ ነው። በምን አጠፋሁት? ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ 11 ሺህ ያህሉን አስታወስኩ። ሌላው እንደ ጉም በኗል። ሰዎች ቁጠባቸውን ማስላት ጀምረው የሚተዉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደረሰኝ መሰብሰብ ይጀምራሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰኙ ከነሱሪው ይታጠባል፣ አለቀ።

እህቴ ግን ብዕሩን ተቀበለችኝ። «በምን እንዳጠፋኸው ማወቅ አያስፈልገኝም። መነሻው ላይ ስንት ነበረህ? አሁንስ ስንት አለህ?»

ለቁጠባ ምጣኔው የሚያስፈልገው እውነትም ይኸው ብቻ ነው። ከኤቲኤም የወጣ ብር ገና አልጠፋም፤ ቦታ ነው የቀየረው። ያለህን ሁሉ በሁለት ቀን ላይ ትቆጥራለህ፣ ዕዳህን ትቀንሳለህ፣ ልዩነቱን በመሐል ላገኘኸው ገቢ ታካፍላለህ። በመሐል ያለው ግርግር፣ ዝውውሩም፣ ምልልሱም፣ የበነነውም ራሱን ችሎ ይጣፋል።

የመነሻው ቀን ከስድስት ወር በፊት የወሩ መጀመሪያ ሆነ፣ ያለፈው ደመወዝ ገብቶ ባደረ ማግስት። ዋናው ሒሳብ ውስጥ 9 ሺህ፣ ቁጠባው ውስጥ 10 ሺህ ነበር። እነዚህን መግለጫው ይናገራል። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ግን ማን ይናገር? መግለጫው ላይ በዋዜማው ማታ 1 ሺህ ማውጣቴ ተጽፏል። ያን ማታ ቤቴ ነበርኩ መሰለኝ። ስለዚህ 1 ሺህ ብለን ያዝን። ድምር 20 ሺህ፣ ዕዳ የለም።

«ግምት ነው እኮ» አልኩ፣ ሒሳቡን ለማፍረስ ቀዳዳ ያገኘሁ መስሎኝ። እሷ ምን ገዷት! በ500 ብንሳሳት ከ120 ሺህ ገቢ ላይ ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም አለች። ያው ስህተት በአንድ ወር ሒሳብ ላይ ቢሆን ግን 2 ከመቶ ተኩል ያዛባ ነበር። ስድስት ወር የመረጠችው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ያለውን ቆጠርን። ዋናው ሒሳብ 14 ሺህ። ቁጠባው 17 ሺህ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ 5 ሺህ ጥሬ ገንዘብ አለ፣ በወሩ መጨረሻ ቀን ከኤቲኤም ያወጣሁት። ይሄን መተግበሪያው ወጪ ብሎ መዝግቦታል። ሰው ወጪ ነው ሲሉት ያምናልና እኔም እንደጠፋ ቆጥሬው ነበር። ድምር 36 ሺህ።

ልቤ ሞቀ። «ከ20 ወደ 36! 16 ሺህ ተርፎኛል። ከ120 ላይ 13 ከመቶ!»

«ዕዳስ?»

በሁለተኛው ወር፣ ደመወዙ ሲንሸራተት፣ ከጓደኛዬ 6 ሺህ ተበድሬ ነበር። ብሩ ወደ ሒሳቤ ሲገባ መተግበሪያው በአረንጓዴ ቀለም ገቢ ብሎ ጻፈው። አረንጓዴ ነገር ደግሞ ደስ ይላል። 2 ሺውን ባለፈው ወር መልሻለሁ። 4 ሺህ ይቀረኛል። እህቴ 4 ሺውን ከ36 ላይ ቀነሰችው። 32 ሺህ ሆነ።

ከ20 ወደ 32፣ 12 ሺህ። 12ን ለ120። አሥር ከመቶ።

«እኔም ያበደርኩት 3 ሺህ አለ» አልኩ፣ እንደ መጨረሻ ጥይት።

«መቼ ነው ያበደርከው?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«መነሻው ላይ አለ፣ መድረሻውም ላይ አለ። ተጣፋ።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ደግሞ አይመልስልህም» አለች። ሒሳቡ ውስጥ ያልነበረ ነገር ይቺ ብቻ ናት።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለቱንም ቀኖች የመረጠችው ደመወዝ ከገባ በኋላ ነው። የመጨረሻው ደመወዝ እንደ ልማዱ ሦስት ቀን ቢዘገይስ ኖሮ? ስልኬን አወጣሁ። ያለኝ ከ32 ወደ 12 ሺህ ይወርዳል፣ ማለትም ከመነሻው 8 ሺህ ያንሳል። የገባው ደመወዝም 100 ሺህ ይሆናል። ምጣኔው ከዜሮ በታች 8! ሦስት ቀን ብቻ ቆጣቢውን ሰው ከሳሪ ታደርገዋለች። ደወልኩላት። «ያልገባውን 20 ሺህ እንደ ተሰብሳቢ ትደምረዋለህ፣ ባለህም ላይ፣ በገቢህም ላይ፤ ያው አሥር ይመጣል» አለች፣ እንቅልፏ ውስጥ ሆና። ደመርኩት፣ አሥር መጣ። እኔ ደግሞ በሆዴ ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ሒሳቡ የማይነግረኝ ነገርም አለ። ካወጣሁት 70 ሺህ ላይ ኪሴ ውስጥ የነበረውን 1 ደምሮ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን 5 ቀንሶ፣ በጥሬ ገንዘብ 66 ሺህ እንዳጠፋሁ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ወዴት እንደሄደ ግን ትንፍሽ አይልም። 11ዱን አስታውሻለሁ። 55ቱን አንድ ቀን አገኛቸው ይሆናል፣ ወይም እነሱ እኔን።

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ነበርና የከረመ ኮቴን ከቁም ሳጥን አወጣሁ። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት አንድ ነገር ነካኝ። የታጠፈች 200። ቆሜ አሰላሁ፤ 12 ሺህ 200 ለ120 ሺህ፣ 10.17 ከመቶ። ለእህቴ ደወልኩ።

«ተሻሻልኩ» አልኳት።

«ከስድስት ወር በፊት ብሯ ኮቱ ውስጥ ነበረች?»

ኮቱን እንደያዝኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። መስመሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ዘጋችው።