ቃል ለማያጎድሉ ተርጓሚዎቻችን የቀረበ ምስጋና

በደብረ ብርሃን ብርድ ጣቶቹ እየደነዘዙ የባዕድ ቀልድ ወደ አማርኛ ሲመልስ የሚያመሽ ወጣት እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አለማግኘቱ ያሳዝነኛል። ሚሙን ያወርዳል፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይደመስሳል፣ ከዚያም አንዲት ቃል ሳያጎድል በአማርኛ ይተካል። የሚጎድለው ሳቁ ብቻ ነው፤ ሳቅ ደግሞ ቃል ስላልሆነ ተርጓሚው አይጠየቅበትም።

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን የደከመበትን ላንሳ። በሥዕሉ ላይ አንድ የወፍ ማስፈራሪያ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ከላይ «ማስፈራሪያው ለምን ተሸለመ?»፣ ከታች «በመስኩ የላቀ ስለሆነ» ይላል። በእንግሊዝኛው ሳቁን የተሸከሙት ሁለት ኅብረ ቃላት ናቸው፤ «ፊልድ» ማሳም የሙያ ዘርፍም ነው፣ «አውትስታንዲንግ» ደግሞ ተገጥሞ ሲነበብ «የላቀ»፣ «አውት» እና «ስታንዲንግ» ተብሎ ሲከፈል «ደጅ የቆመ» ማለት ነው። የእኛ ሊቅ ወርቁን አስቀርቶ ሰሙን ጣለው። ወርቅ ያገኘ ሰው በሰም ምን ይሠራል?

እርግጥ «መስክ» የሚለው ቃል በአጋጣሚ ሁለት ፍቺ ስላለው ቀልዱ በግማሽ ጎኑ ይተርፋል ብዬ ነበር። ይህንኑ ለማረጋገጥ በባሶና ወራና ገብስ ለሚያርሱት አጎቴ ስልኩን አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩና፣ «መስክ ላይ ማስፈራሪያ የሚተክል ማን ነው? መስክ የከብት ነው፤ ወፍ የሚጠበቀው ከማሳ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ የግብርና እርማት የሚያስገኝ ቀልድ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል?

የነገሩን ምንጭ ባስረዳኋቸው ጊዜ ግን አጎቴ ሳቅ ብለው፣ «እሱስ ይሸለም እንጂ! ዝናብ ነው፣ ውርጭ ነው ሳይል ከሥራ ገበታው ንቅንቅ አይል፤ የቀበሌው ጸሐፊ እንዲህ ቢሆን የት በደረስን!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የተተከለ እንጨት ምስጉን ሠራተኛ ሆኖ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ ያዘ፤ ከእንግሊዝኛው ቃላት ግን አንዱም አልነበረበትም። ተርጓሚያችን በዚህ አልተታለለም። «አባባ፣ ጽሑፉ ላይ ቀበሌ የሚል የለም» ብሎ በትሕትና አረማቸው።

የአራዳ ቃል ሲገጥመውም ታማኝነቱ አይናወጥም። ፈረንጁ ሳቅ አፈነኝ ለማለት «ሞቻለሁ» ሲል እርሱም ከአጽም ሥዕል በታች «ሞቻለሁ» ብሎ ይጽፋል። «ሳቅ ገደለኝ» የሚል የእናቱ አማርኛ አጠገቡ ቢኖርም፣ «ሳቅ» የሚለው ቃል በዋናው ላይ ስለሌለ ስርቆት ይመስለዋል። ያን ዕለት አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «የማን ልጅ ነው?» እያሉ ከጓዳ ወጥተዋል።

የማስፈራሪያው ሚም ባለፈው ማታ ወጥቷል። «በመስኩ የላቀ» የሚለው እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ግን በቅንፍ አንድ ነገር ተጨምሯል፦ (በእንግሊዝኛ ሲሆን በጣም ያስቃል)።