እርማት፦ ከሕክምና በኋላ «ፖዘቲቭ» ሁሉ ወባ አይደለም

«የወባ መድኃኒት ጨርሼ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ደህና ነኝ፣ ግን እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን በፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ አሉኝ። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? ፒሲአር ልሠራ?»

የግድ አይደለም፣ ወንድሜ። አብዛኛው የፈጣን ምርመራ ኪት የሚያየው ጥገኛውን ሳይሆን ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ጥገኛ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥገኛው ቢሞትም ፕሮቲኑ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። የጥገኛውን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአርም አይገላግልህም፤ በጣም ጥቂቱን ስለሚያነሳ የሞተ ጥገኛ ርዝራዥም ፖዘቲቭ ሊያስብለው ይችላል።

ማይክሮስኮፕ ይሻልሃል። ባለሙያው ወፍራም የደም ስሚር ሠርቶ ጥገኛውን በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል። እርግጥ እጁ የለመደ ሰው ይፈልጋል፤ ጥቂት ከሆኑ ያመልጡታል። ጋሜቶሳይት የሚባለው፣ ወደ ትንኝ የሚተላለፈው የጥገኛው ደረጃ ብቻ ከታየ ደግሞ መድኃኒቱ ከሽፏል አያሰኝም።

ትኩሳቱ ከተመለሰ ግን ኪቱ ኔጌቲቭ ቢልም ስሚር አስደግም። የፕሮቲኑ ጂን የጎደላቸው ጥገኞች በአገራችን ተገኝተዋል፤ ኪቱ እነሱን ሊያልፋቸው ይችላል።