ጥፋቱ ታወቀ፤ ከዚያስ?

መንግሥትን ከሶ የረታ ሰው ደስታው ሳያልቅ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ዳኛው ምን ብለው ይዘዙለት?

በእንግሊዝ አገር አምስት መንገድ አለ። ውሳኔውን መሻር፣ «አድርግ» ብሎ ማስገደድ፣ «እንዳታደርግ» ብሎ መከልከል፣ ሕግ መጣሱን በፍርድ አውጆ ማቆም፣ አለዚያም ካሳ። ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የታየኝ ክላየንትኧርዝ የተባለ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በናፍጣ ጭስ ምክንያት ባቀረበው ክስ ነው።

በአውሮፓ ሕብረት ሕግ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ዓመታዊ አማካይ በሜትር ኩብ ከ40 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ተወስኖ ነበር። ያኔ የሕብረቱ አባል የነበረችው ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ43 ቀጠናዎቿ በ40ዎቹ ከዚህ በላይ ሆነች። መንግሥትም አልካደም። እንዲያውም የመጀመሪያው ዳኛ ጥሻለሁ ብሎ ላመነ «ጥሰሃል» ማለት ምን ይጠቅማል ብለው ክሱን መለሱት። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጥሰቱን በፍርድ አወጀ። አየሩ ግን ያው ነበር። እንዲህ ያለው ፍርድ «አድርግ» የሚል ትእዛዝ የለበትም፤ የሚሠራው መንግሥት ይሉኝታ እስካለው ድረስ ነው።

በሚያዝያ 2015 ያው ፍርድ ቤት ወደ ማስገደድ ተሻገረ፦ አዲስ ዕቅድ እስከ ታኅሣሥ 31 ይቅረብ። ይህን የጣሰ ፍርድ ቤት በመድፈር ይጠየቃል፤ ሚኒስትርም ቢሆን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እዚያ አገር በ1993 በተሰጠ ፍርድ ለሚኒስትሮች እንደማይሠራ ታውቋል።

ዕቅዱ በቀኑ መጣ፤ ግን ደካማ ነበር። ዳኛ «ዕቅድ አውጣ» ይላል እንጂ ዕቅዱን ራሱ አይጽፍም። በ2016 ድርጅቱ ሁለተኛ ክስ አቅርቦ ረታ። መንግሥት የናፍጣ መኪኖችን ጭስ የገመተው ከሚገባው በላይ አሳንሶ ነበርና።

መከልከል እዚህ ቦታ አልነበረውም፤ ጥፋቱ ባለማድረግ እንጂ በማድረግ አልመጣም። ጭሱ ያሳመመው ሰውስ? በእንግሊዝ ውሳኔው ሕገ ወጥ መሆኑ ብቻውን ካሳ አያስገኝም። ሌላ ራሱን የቻለ የጉዳት ክስ ወይም የሰብዓዊ መብት ጥሰት መኖር አለበት። የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤትም በ2022 አንድ የፓሪስ አካባቢ ነዋሪ ባቀረበው ጉዳይ፣ በጊዜው የነበረው የአየር ጥራት ሕግ ለግለሰብ የካሳ መብት እንደማይሰጥ ወስኗል።

የቀረው መሻር ነው። በ2018 ድርጅቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲረታ ዳኛው ከሁለተኛው ክስ በኋላ የወጣውን ጎዶሎ ዕቅድ አልሻሩትም። ቢሽሩት ማሟያው እስኪመጣ ያለውም ይቀር ነበር። ይልቅ ማሟያ እንዲዘጋጅ ወሰኑ፤ መንግሥት እንደገና ካጠፋ ድርጅቱ አዲስ ክስ ሳይከፍት በቀጥታ እንዲመለስም ፈቀዱ። እኔ ከሳሽ ብሆን ከካሳው በፊት የምለምነው ይህን ፈቃድ ነው።